የተመረጠው ክሬም፣ በምስሉ ላይ ለምን ብርቱካናማ ሆነ?

ቆቦ ለሚሠራ ቤት የውጭ ገጽታ ምስል በኤአይ ሳዘጋጅ፣ ለግድግዳው የተመረጠው ክሬም ቀለም በማለዳው ምስል ብርቱካናማ ይሆናል፤ ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ስትገባ ደግሞ ወደ ግራጫ ይሄዳል። ብርሃን የቀለምን መልክ መለወጡ ትክክል ነው። የሚያሳስበኝ ፕሮግራሙ ቀለሙን ራሱን መቀየሩ ነው። ይህን የምለየው በነጩ የመስኮት ፍሬም ነው።

የክሬሙ ናሙና በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ 226፣ 207፣ 170 ነው እንበል። በማለዳው ምስል ላይ ፍሬሙን በቀለም መልቀሚያው ስነካው 250፣ 215፣ 165 አሳየ። የናሙናውን ቁጥሮች በፍሬሙ ቁጥሮች አባዝቼ ለ255 ሳካፍል 222፣ 175፣ 110 ገደማ ይመጣል። ግድግዳው ለዚህ ከቀረበ ልዩነቱ የብርሃን ነው። 235፣ 160፣ 90 ካለ ግን ቀለሙ ተቀይሯል፤ ያኔ ግድግዳውን ብቻ መርጬ፣ ጥላውን ሳልነካ አስተካክለዋለሁ።

ፍሬሙና ግድግዳው በአንድ አቅጣጫ ፀሐይ የሚያገኙ ይሁኑ። ከፍሬሙ ቁጥሮች አንዱ 255 ከደረሰ ብርሃኑ ስለበዛ ስሌቱ አይታመንም።

የስልክ ስክሪንም ቀለም ስለሚለውጥ፣ ባልዲውን ሙሉ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ካሬ ሜትር ቀብታችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩት።