ለለቀቁት ቤት የሚመጣ መጽሔት

አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚቀይር ሰው ፖስታ ቤት ሄዶ ወይም በኢንተርኔት የአድራሻ ለውጥ ቅጽ ይሞላል። ቅጹን ከሞላሁ መጽሔቱም ይቆማል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ቅጹ ግን አስከታይ እንጂ አስቋሚ አይደለም። ተራ ደብዳቤ እስከ 12 ወር ድረስ ወደ አዲሱ ቤት ይላክልዎታል፤ ለመጽሔቶች በተለየው የፖስታ ዋጋ የሚጓዝ መጽሔት ደግሞ ለ60 ቀን ይከተልዎታል፤ ወርኃዊ ከሆነ ሁለት እትም ያህል መሆኑ ነው። ብዙ አሳታሚዎች የደንበኞቻቸውን ዝርዝር ከፖስታ ቤቱ የለውጥ መዝገብ ጋር ስለሚያመሳክሩ፣ ከዚያም በኋላ ሳይጠየቁ መጽሔቱን ወደ አዲሱ ቤት ሊያዞሩት ይችላሉ። ቅጹን ካልሞሉ ደግሞ ፖስተኛው መልቀቅዎን በምን ያውቃል? መጽሔቱን በቀድሞው ሳጥን ውስጥ ይከተዋል፣ አዲሱ ተከራይም ስምዎን እያየ ይሰበስበዋል። ማስቆም የሚችለው አሳታሚው ብቻ ነው።

የሚጻፍበትን አድራሻ ለማግኘት የመጽሔቱን የመጀመሪያ ገጾች ይግለጡ። የአሳታሚው ስምና የሕትመቱ መረጃ በደቃቅ ፊደል በሰፈረበት ቦታ፣ ለፖስታ ቤት ኃላፊ የተጻፈ፣ የአድራሻ ለውጥ ወዴት እንደሚላክ የሚናገር መስመር አለ። የፖስታ ቤቱ ደንብ የሚያስገድደው መስመር ነው። እዚያ የሚያገኙት አድራሻ ብዙ ጊዜ ከአዘጋጆቹ ቢሮ የተለየ ነው፤ የበርካታ መጽሔቶችን ደንበኞች መዝገብ በውል የሚይዝ ሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ለዋና አዘጋጁ የተላከ ኢሜይል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። የደንበኞች አገልግሎት ኢሜይልም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ይገኛል።

መዝገቡን የሚፈልገው ኮምፒውተር ነው፣ የሚያውቀውም በሽፋኑ ላይ የተለጠፈውን ወይም የታተመውን የአድራሻ ጽሑፍ፣ ማለትም ሌብሉን ነው። ከስሙ በላይ የሚታየው ረጅም ቁጥር ብዙ ጊዜ የደንበኛው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ፍለጋው በዚፕ ኮድ፣ በመጨረሻ ስምና በቤት ቁጥር ይሆናል። የእኛ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ የባልና የሚስት የመጨረሻ ስም አንድ አይደለም፤ ሚስት ያዘዘችውን መጽሔት ባል በራሱ ስም ጽፎ ቢያስቆም «እንዲህ ያለ ደንበኛ የለንም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም አንዷ ፊደል ብትለወጥ ፍለጋው ይሳሳታል። ስለዚህ ትክክለኛው አጻጻፍ የትኛውም ቢሆን፣ ሌብሉ ላይ ያለው ይገልበጥ። የሌብሉን ፎቶ ማያያዝ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ የተዛወረች፣ መጽሔቱን ግን በስልኳ ማንበብ የምትፈልግ አንዲት አንባቢ ናት እንበል። ኢሜይሏ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህን ይመስላል፦

«የደንበኛ ቁጥሬ ሌብሉ ላይ ያለው ነው፤ ፎቶውን አያይዣለሁ። በሌብሉ ላይ በሚታየው የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት ከእንግዲህ አልኖርም። የወረቀት እትም ወደዚያ አድራሻ መላኩን አቁሙ፤ ወደ ሌላ አድራሻም አታዙሩት። የዲጂታል ደንበኝነቴ ይቀጥል። የወረቀት እትሙ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚቆም በጽሑፍ አሳውቁኝ።»

«አታዙሩት» የሚለው ቃል የገባው ያ የለውጥ መዝገብ ስላለ ነው። «አቁሙ» ብቻ ብትል ኖሮ ደንበኝነቷን በሙሉ ሊሰርዙባት፣ ወይም ለጊዜው ሊያዘገዩላት ይችሉ ነበር። ሙሉ በሙሉ መሰረዝ የሚፈልግ ሰው ይህንኑ ለይቶ ይጻፍ፤ ላልተላኩት እትሞች ቀሪ ገንዘብ እንዲመለስለትም ይጠይቅ። የባንክ ካርድ ቁጥር በኢሜይል አይጻፍም፤ መዝገቡን ለማግኘትም አያስፈልግም።

ከዚያ መታገስ ያስፈልጋል። የአድራሻው ዝርዝር ከማተሚያ ቤቱ ሥራ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ መጽሔቶች ለለውጥ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠየቃቸው የተለመደ ነው። አንድ ሁለት እትም በአሮጌው አድራሻ ቢመጣ ኢሜይሉ አልደረሰም ማለት አይደለም። ወዲያው የሚመጣው አውቶማቲክ መልስም መልእክቱ መድረሱን እንጂ ሥራው መሠራቱን አይናገርም። ከ8 ሳምንት በኋላ አዲሱ ተከራይ አሁንም ይመጣል ካለ፣ አዲስ ኢሜይል ከመጀመር በዚያው መልስ ላይ መቀጠል ይሻላል፤ የቀደመው ቀን እዚያው ይታያል። ተከራዩም በሌላ ሰው ስም የመጣን ፖስታ እንደራሱ መክፈት የለበትም፤ ሽፋኑ ላይ ሰውየው እዚህ አይኖርም ብሎ ጽፎ ለፖስተኛው ቢመልስ ይበቃል።

ገንዘቡ ሌላ ጉዳይ ነው። ደንበኝነቱ በየዓመቱ ራሱን የሚያድስ ከሆነ የወረቀቱ መቆም ክፍያውን አያስቆመውም፤ እድሳቱ የሚዘጋው ለብቻው ሲጠየቅ ነው። መጽሔቱ በስጦታ የተገዛ ከሆነ ደግሞ የእድሳት ማስታወቂያው የሚሄደው ለከፈለው ሰው ነው፤ አንባቢዋ ለአክስቷ አስቀድማ ካልነገረቻት አክስቷ በደግነት ለሌላ ዓመት ልትከፍልላት ትችላለች።