ከንግድ ትርኢት ማግስት የሚጻፍ የምስጋና ደብዳቤ



በዛሬው ንግግሬ የማተኩረው በአንዲት አጭር ኢሜይል ላይ ነው፤ ይህችም ከንግድ ትርኢት ማግስት ለተነጋገርነው ገዢ የምንጽፋት የምስጋና ደብዳቤ ናት። ጉዳዩ የትሕትና ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በማሳያው ፊት ቆመን በችኮላ የተናገርነው ቃል የሚጸናበት ወይም የሚታረምበት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ነው።

ምሳሌ ልውሰድ። ሳሪስ ውስጥ ከበግ ቆዳ ጓንት የሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት አለ እንበል። ባለቤቷ በሚሌኒየም አዳራሽ በተካሄደ የቆዳ ትርኢት ላይ፣ የጓንት ሥራ ነባር ሙያ ከሆነባት ከኔፕልስ ከመጡ ገዢ ጋር ለሩብ ሰዓት ተነጋገረች። እሳቸውም ናሙናውን ዳስሰው ሦስት ነገር አነሡ፦ ቆዳው 0.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው፣ ጥቁሩ ቀለም እንዳይለቅ፣ ለሙከራ የሚታዘዝ 300 ጥንድ በስንት ቀን እንደሚደርስ። እርሷም «ሁሉንም እንችላለን፤ በ45 ቀን» ብላ መለሰች።

እንግዳው እንደ ተሰናበቱ፣ ቀጣዩ ጎብኚ ሳይመጣ፣ እነዚህን ሦስት ነጥቦች በካርዳቸው ጀርባ ጻፈች። የደብዳቤው ዕጣ የሚወሰነው በዚህች ደቂቃ ነው። ማታ ወደ ሳሪስ ስትመለስ በእጇ ያለው የካርድ ክምር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ልትጽፍ የምትችለው «ማሳያችንን ስለ ጎበኙ እናመሰግናለን፤ ካታሎጋችንን አያይዘናል» የሚለውን ብቻ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ ጉድለት በቀላሉ ይለያል፦ የተቀባዩን ስም ለውጠን ለሌላ ገዢ ብንልከው ያለ ምንም እርማት የሚስማማ ከሆነ፣ ከንግግሩ አንዳች ነገር አልያዘም ማለት ነው።

ባለቤቷ ከመጻፏ በፊት ወደ ቆዳ ፋብሪካው ደወለች። የአንድ ቆዳ ውፍረት ከጀርባው እስከ ሆዱ እኩል አይደለምና፣ ፋብሪካው ማረጋገጥ የሚችለው ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ነገራት። እንግዲህ «እንችላለን» ያለችው ቃል መታረም ነበረበት። ደብዳቤዋን በእንግሊዝኛ ጻፈች፤ ሐሳቡ በአማርኛ እንዲህ ነው፦

«ናሙናችንን በጥንቃቄ መርምረው ስለ ሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን። ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል ብዬ ነበር፤ ከቆዳ ፋብሪካው ጋር ስናጣራ ከ0.6 እስከ 0.7 መሆኑን ተረድተናል። ይህ ይስማማዎታል? ስለ ቀለሙ፣ በደረቅና በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተን ውጤቱን ከሁለት ናሙና ጋር እንልካለን። 45 ቀን ያልነው ናሙናውን ካጸደቁበት ዕለት ጀምሮ የሚቆጠር ነው። ዋጋውን ውፍረቱ ሲወሰን እናቀርባለን።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱ ሥራ አለው። ምስጋናው ገዢው ያደረጉትን ለይቶ ይጠቅሳል። እርማቱ፣ በኋላ በዕቃ ርክክብ ላይ ክርክር ሊሆን የሚችለውን ገና ሳይታዘዝ ይዘጋል። ጥያቄው አንድ ብቻ ስለ ሆነ በአጭር ቃል ሊመለስ ይችላል። የ45 ቀኑም መነሻ ተለይቷል፤ መነሻው ካልተነገረ ገዢው ከትርኢቱ ቀን፣ ሻጯ ከናሙናው መጽደቅ ትቆጥራለች።

በእኛ አገር የቀንና የሰዓት አጻጻፍ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ጥቅምት 5 ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንደዋወል ለማለት ስትፈልግ፣ የምትጽፈው «ኦክቶበር 15፣ በአዲስ አበባ 9 ሰዓት፣ በኔፕልስ 8 ሰዓት» ብላ ነው። «3 ሰዓት» ብላ ብትተወው፣ ቀጠሮው በገዢው ዘንድ ሌላ ሰዓት ይሆናል።

ዋጋ ያልተጻፈበትም ምክንያት አለው። ውሉን የሚገዛው የኢትዮጵያ ሕግ ከሆነ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1690 ላይ፣ የጊዜ ገደብ ያለው የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው ገደቡ እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ እንደሚታሰር ይደነግጋል። ስለዚህ መጠንና የመቀበያ ቀን ጨምሮ ዋጋ የጠቀሰ የምስጋና ደብዳቤ፣ ጸሐፊው ሳያስበው አሳሪ ሐሳብ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በቁጥር 1682 መሠረት ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም፤ «ካልመለሱልን እንደ ተስማሙ እንቆጥራለን» ብሎ መጻፍም በራሱ አያጸናም።

ደብዳቤው ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በመልሱ ነው። ገዢው «እኔም አመሰግናለሁ» ብቻ ካሉ፣ ጥያቄው አልታያቸውም፤ ወይም ሊመልሱት አልፈለጉም። «0.7 ለእጅ ጀርባ ይወፍርብኛል» ብለው ከመለሱ ግን፣ ነገሩ ቅሬታ ቢመስልም፣ በትርኢቱ አዳራሽ የተጀመረው ንግግር አሁን በጽሑፍ ቀጥሏል። ባለቤቷም ቆዳውን ገዝታ ከመቁረጧ በፊት የሚያስፈልጋትን አውቃለች።