ሁለት ዓምድ የሸፈነ ርእስ

ስካን የተደረገ የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥ እንውሰድ። «ከተማ» የሚለው ርእስ ሁለት ዓምዶችን ይሸፍናል፤ ከሥሩ «ወንድ» እና «ሴት» አሉ። «ገጠር»ም እንዲሁ ነው። ሲኤስቪ ግን በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ አንድ ርእስ ሁለት ዓምድ መሸፈኑን መግለጫ የለውም። ርእሱ አንዱ ላይ ይቀርና ሌላው ባዶ ይሆናል፦

```
ክልል,ከተማ,,ገጠር,
,ወንድ,ሴት,ወንድ,ሴት
```

ብዙ ፕሮግራሞች የመጀመሪያውን መስመር ብቻ እንደ ርእስ ስለሚወስዱ ሁለተኛው ከመረጃው ጋር ይቀላቀላል። መፍትሔው የላይኛውን መስመር ባዶ ቦታ ከግራው ባለው ርእስ ሞልቶ ሁለቱን መስመሮች ማጣመር ነው፦

```
ክልል,ከተማ_ወንድ,ከተማ_ሴት,ገጠር_ወንድ,ገጠር_ሴት
```

ከመሙላትዎ በፊት ግን ምስሉን ይመልከቱ። መሐል ላይ የታተመው «ከተማ» ሲነበብ ወደ «ሴት» ዓምድ ሊሄድ ይችላል። «ክልል_ወንድ» የሚል ስም ከወጣ፣ የተፈጠረው ይኸው ነው።