የትኛው መልእክት ይቅደም?

የቅድሚያ ነጥብ አሰጣጥ ለሥራ አስኪያጅ የሚገቡ መልእክቶችን በደረሱበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በአጣዳፊነታቸው የሚደረድር ዘዴ ነው። መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው፦ ላኪው፣ በመልእክቱ ውስጥ ያሉት ቃላትና የጊዜ ገደቡ። ጂሜይል በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቅድሚያ ሳጥን ተጠቃሚው የትኛውን መልእክት ቶሎ ከፍቶ እንደሚመልስ እያየ ይማራል። ደንቡን ራሱ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ግን አንድ መልእክት ለምን ከላይ እንደወጣ በቀላሉ ማወቅ ይችላል።

አንድ አስመጪ ድርጅት ለላኪ እስከ 40፣ ለቃላት እስከ 20፣ ለጊዜ ገደብ እስከ 40 ነጥብ ይሰጣል እንበል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሦስት መልእክቶች ይገባሉ። የቦርዱ ሰብሳቢ በሪፖርቱ ላይ ያላቸውን አስተያየት ልከዋል፤ 40 ለላኪ፣ 5 ለቃላት፣ በድምሩ 45። ትራንዚተሩ ደግሞ ዲክላራሲዮኑ እስከ 9 ሰዓት ካልተፈረመ ዕቃው እንደሚያድር ጽፏል፤ 20፣ 15 እና 35፣ በድምሩ 70። ሦስተኛው የማይታወቅ ነጋዴ «አስቸኳይ! ዛሬ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ለላኪው ምንም ባያገኝም ከቃላቱ 20፣ ከጊዜ ገደቡ 35 ሰብስቦ በ55 ሰብሳቢውን ይቀድማል።

ዝም ብሎ የመደመር ችግር ይህ ነው። ማጣደፊያ ቃል መጻፍ ማንንም አያስከፍልም። ስለዚህ ላኪው የማይታወቅ ከሆነ የቃላቱና የጊዜ ገደቡ ነጥብ ለአራት ይካፈላል፤ ማስታወቂያው ወደ 14 ይወርዳል።

ከሦስቱ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው የጊዜ ገደቡ ነው። የሚሰላው አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሰዓቱ ነው፤ ሥራው የሚፈጀው ጊዜም መቀነስ አለበት። ሰነዱን ለማዘጋጀት አራት ቀን የሚወስድ ጨረታ የሚዘጋው ከአምስት ቀን በኋላ ቢሆንም የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። በአማርኛ መልእክት ላይ ሌላም አደጋ አለ፦ ፕሮግራሙ የትራንዚተሩን «9 ሰዓት» በውጭው አቆጣጠር ካነበበ ገደቡ ከአንድ ሰዓት በፊት ያለፈ ይመስለዋል፤ የዕለቱ አጣዳፊ ጉዳይም ወደ ታች ይሰምጣል። «ጥቅምት 20»ን ኦክቶበር 20 ብሎ መውሰድም ቀኑን በ10 ወይም በ11 ቀን ያስቀድመዋል። ቃላትም እንዲሁ ናቸው፤ «ጨረታ»ን ብቻ የሚፈልግ ደንብ ቃሉን ነጥሎ ከተመለከተ «ለጨረታው»ን ያልፈዋል፣ «ሥራ» የሚለውም «ስራ»ን አያገኝም። ስለዚህ ከፍለጋው በፊት ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ መልክ ይመለሳሉ፤ ቅጥያዎችም ይነሳሉ።

ለአራት ማካፈሉ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፍ እውነተኛ ደንበኛንም ከማስታወቂያው ጋር ያወርዳል። ለዚህ ሲባል የማይታወቁ ላኪዎች መልእክት ለብቻው ተቀምጦ በቀን አንድ ጊዜ በሰው ዓይን ይታያል። ደንቡ መሳቱ የሚታወቀውም ሥራ አስኪያጁ ከታች ፈልጎ ከመለሳቸው መልእክቶች ነው፤ በየሳምንቱ እነሱን አይቶ የጎደለውን ላኪ ወይም ቃል ወደ ዝርዝሩ መጨመር ይቻላል።