ከመርፌው በፊት እጇን ያዙ

የ24 ዓመቷን ወጣት ወደ ድንገተኛ ክፍል ያመጣት ታላቅ ወንድሟ ነው። «ዶክተር፣ እህል ከቀመሰች ሦስት ቀኗ፤ ቃል ከተነፈሰች ደግሞ አምስት ቀኗ ነው» አለኝ። ተረኛው ሬዚደንት ካርዷ ላይ «አልተባበረችም» ብሎ ጽፎ ሃሎፔሪዶል አዝዟል። ይህች ቃል ታናድደኛለች። ካታቶኒያን ከዓይናችን የምትሰውረው እሷ ናትና። መርፌው እንዲቆይ ነገርኩት፤ ካታቶኒያ ያለበትን ሰው እንዲህ ያለው መድኃኒት ትኩሳትና ብርቱ ግትርነት ወዳለበት፣ ሕይወት ወደሚያሳጣ ደረጃ ሊገፋው ይችላል።

ካርል ካልባውም ካታቶኒያን እ.ኤ.አ. በ1874 በመጽሐፍ ገልጾታል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ብዙዎች የስኪዞፍሬኒያ ዓይነት ብቻ አድርገው ሲያዩት ኖረዋል። ነገር ግን ከከባድ ድብርትና ከባይፖላር ጋርም፣ ከአንጎል ብግነትና ከሌላ የአካል ሕመም ጋርም ይመጣል። ድንዛዜ ብቻም አይደለም፤ ያለ ምክንያት የሚቅበጠበጥና የሚጮኽም አለ።

ይህን ሁሉ ሬዚደንቶች አንብበውታል። ያልለመዱት መንካትን ነው። አልጋው ጫፍ ቆመው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁና መልስ ሲያጡ ይሄዳሉ። እኔ ግን እጇን ያዝኩ። ክንዷን ከፍ አድርጌ ስለቀው እዚያው አየር ላይ ቀረ፤ በሰዓቴ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆየ። ከዚያ ክርኗን አጠፍኩት። በእጅ ሙቀት የላላ ጧፍ ስታጥፉ የሚሰማችሁን ታውቁታላችሁ፤ በመጠኑ ይቃወማል፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል እየተቃወመ ይታጠፋል። ክንዷም እንደዚያው ነበር። ሬዚደንቶች እነዚህን ሁለቱን ያምታታሉ፤ አንዱ በተተወበት መቆየት ነው፣ ሌላው ሲታጠፍ እጃችን ላይ የሚሰማን ነው። ለየብቻ ይመዘገባሉ።

የምወደው ፈተና ግን ሰላምታ ነው። እጄን ዘረጋሁላትና ጠንከር ባለ ድምፅ «እንዳትጨብጪኝ» አልኳት። እጇ ከአልጋው ተነሣ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተነሣ። ሬዚደንቱ ያን ጊዜ ተጠጋ። ያልተባበረ ሰው እጁን አያነሣም፤ የተባበረም ይጨብጣል ወይም ይተዋል። እሷ በሁለቱ መካከል ተይዛ ነበር።

የቡሽና ፍራንሲስ መለኪያ 23 ምልክቶች አሉት። ከመጀመሪያዎቹ 14 ውስጥ ሁለቱ ከተገኙ ካታቶኒያን መጠርጠር ይገባል። እሷ ስድስት ነበራት፤ ድምሩ 18 ሆነ። ቁጥሩን ከሎራዜፓም መርፌው በፊት ጻፉ። ሳይለኩ ወግተው «ትንሽ የተሻላት ይመስላል» የሚሉኝን አልቀበልም።

ሙቀቷን፣ የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷንና ኦክስጅኗን ለክተን፣ የመተንፈሻ መርጃው አጠገባችን ሆኖ፣ 1 ሚሊግራም ሎራዜፓም በእኩል መጠን ፈሳሽ አቅጥነን በደም ሥር በዝግታ ሰጠን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ምርመራ ደገምን፤ ለውጥ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ትንፋሿ ደህና ስለነበር ሌላ 1 ሚሊግራም ጨመርን። በአራተኛው ደቂቃ ከንፈሯን ላሰች፤ ወንድሟን አየችና «ውኃ» አለች። ድምሩ ወደ 7 ወረደ። ከግማሽ በላይ መውረዱ መልስ ነው።

ሬዚደንቶች «ዝም ያለችን ሰው ጭራሽ ልናስተኛት?» ይላሉ። ይህን መድኃኒት ለማስተኛት ብቻ ስለምናውቀው ነው። ካታቶኒያ ላይ ግን የታሰረውን ይፈታል። እንቅልፍ ቢወስዳትም ፈተናው ወደቀ ማለት አይደለም፤ ስትነቃ ትለካለች። ሎራዜፓም በሌለበት ዲያዜፓም በዚሁ ሥርዓት ይሞከራል።

መልሱ ግን ስለ መንስኤው አይናገርም። መንቀጥቀጥ የማይታይበት፣ የማያቋርጥ የሚጥል በሽታም በዚሁ መድኃኒት ይፈታልና የአንጎል ሞገድ ምርመራና የደም ምርመራ አይቀርም። መልስ ማጣትም ካታቶኒያን አይሽርም፤ አንዳንዱ ለቀናት ከፍ ያለ መጠን፣ አንዳንዱም የኤሌክትሪክ ሕክምና ይፈልጋል። ትኩሳት ካለና የልብ ምትና የደም ግፊት ከተዛባ ደግሞ ቀን አይቆጠርም፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው።

ያን ቀን ውኃ ጠጣች፣ ሾርባም ቀመሰች፤ ሁላችንም ደስ አለን። ቀጣዩን መጠን ግን ማናችንም አልጻፍንም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲስተሯ ስትደውልልኝ ልጅቷ እንደገና ተዘግታ ነበር፤ ማንኪያው አፏ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በየስምንት ሰዓቱ 2 ሚሊግራም ታዘዘላት፤ በየማለዳው ተለካች። በአራተኛው ቀን ድምሩ 2 ሲሆን የድብርቷን ታሪክ ከራሷ አንደበት ሰማን። አልጋዋ አጠገብ ያወራነውንም ሁሉ ሰምታ ኖሯል፤ ወንድሟ ሲያለቅስ «አይዞህ» ልትለው ፈልጋ አፏ እንዳልታዘዛት ነገረችን።