ለአፍ የሚጻፍ ማስታወሻ፦ የተዘጋጀ ስላይድ በፍርሃት መካከል እንዴት ይነገራል?

ዛሬ እዚህ ዓለም ከተማ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ዓመት የተደከመበት ጥናት በሩብ ሰዓት ውስጥ ሲባክን ያየ ሰው ትንሽ አይለውም። ስላይዱ አልቋል፤ ተናጋሪዋ ግን ትፈራለች። በስላይዱ ሥር የሚጻፈው ማስታወሻ ሊረዳት የሚችለው እንዴት ሲጻፍ ነው?

ነገሩን በምሳሌ እንከተለው። አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለ ጎረቤታችን ስለ መንዝ ጓሳ ጥናቷን በፈታኞች ፊት ልታቀርብ ነው እንበል። ከስላይዶቿ አንዱ እንዲህ ይላል፦

«የቄሮ ሥርዓት፦ ማኅበረሰብ መር የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር። የመዝጊያ ጊዜ፦ 3–5 ዓመት። የሥርዓቱ መፍረስ፦ 1975፣ የመሬት አዋጅ።»

ይህን ስላይድ መለወጥ አንችልም፤ አማካሪዋ አጽድቀውታል። የምንጽፈው ከሥሩ ያለውን ማስታወሻ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጽፈው ይህን የመሰለ ነው፦

«የቄሮ ሥርዓት በመንዝ ማኅበረሰብ ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየ፣ የጓሳ ሣርን ከልቅ ግጦሽና ከአጨዳ ለመታደግ ቦታውን ለተከታታይ ዓመታት በመዝጋት ይተገበር የነበረ፣ ከመሬት አዋጁ መታወጅ በኋላ ግን የፈረሰ ማኅበረሰብ መር የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ሥርዓት ነው።»

ሰዋስዉ ስሕተት የለበትም። ለዓይንም ይመቻል። ለአፍ ግን ወጥመድ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያይ ይችላል፤ ሰሚ ግን «ነው» እስኪባል ድረስ ሁሉንም በእጁ ይዞ ይጠብቃል። የፈራ ሰው ደግሞ ትንፋሹ ያጥራል። ስለዚህ ተናጋሪዋ ከዐረፍተ ነገሩ መካከል ትንፋሽ ያልቅባታል፤ ስትመለስም የጀመረችው ባለቤት ከየትኛው ግሥ ጋር ሊታሰር እንደነበረ ይጠፋታል። ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከወረቀቱ አይነሣም። ብዙ ጊዜ የፍርሃት የምንለው መደናቀፍ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ያመጣው ነው።

ታዲያ ማስታወሻው ከየት ይምጣ? ከራሷ አፍ። ተማሪዋ ስላይዱን አንድ ጊዜ ትይና ኮምፒዩተሩን ትዝጋው። ከዚያ ጥናቱን ለማያውቅ ለአንድ ሰው፣ ለእኅቷም ቢሆን፣ ነገሩን ታስረዳ፤ ስልኳም ድምፅዋን ይቅዳ። የተቀዳውን ስትሰማ «ማኅበረሰብ መር» የሚለውን ቃል ምናልባት አታገኘውም። የምታገኘው ይህን የመሰለ ነው፦

«ጓሳ የሣር ስም ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል። ሣሩ እንዳያልቅ ሕዝቡ ሥርዓት አበጀ፤ ስሙም ቄሮ ነው። ቦታው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በ1967 ዓመተ ምሕረት የመሬት አዋጅ ወጣ፤ ሥርዓቱም ፈረሰ።»

ልዩነቱን እዩት። በስላይዱ ላይ «መዝጊያ» እና «መፍረስ» የነበሩት ስሞች እዚህ «ይዘጋል» እና «ፈረሰ» ሆነዋል። ግሡ ቶሎ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። አንዱ ቢዘለል እንኳ ቀጣዩ በራሱ ይቆማል።

ይህም ቢሆን ሙሉውን ጽፈን አንተውላት፤ ሙሉ ጽሑፍ ካገኘች ማንበቧ አይቀርምና። በየስላይዱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ በሙሉ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው። አፍ የሚያዘው ሲጀመርና ከስላይድ ወደ ስላይድ ሲታለፍ ነውና። በመካከል ያለው በቁልፍ ቃል ይቀመጥ። የምሳሌያችን ማስታወሻ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦

«ጓሳ የሣር ስም ነው።
– ቤት ክዳን
– ቄሮ፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል
– 1967 ዓ.ም.፣ አዋጅ
ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩስ ምን ሆነ? ቀጥለን እንየው።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የሚቀጥለውን ስላይድ ይጠራል። ተናጋሪዋ ስላይዱ ከተለወጠ በኋላ ምን እንደምትል ማሰብ አይጠበቅባትም፤ ጥያቄዋን ራሷ ጠይቃዋለችና።

ሁለት ነገሮች ግን በቁልፍ ቃል አይታለፉም፤ ልክ እንደሚነገሩ መጻፍ አለባቸው። አንደኛው ቁጥር ነው። ስላይዱ 1975 ይላል፤ ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ተናጋሪዋ በድንጋጤ «በ1975 ዓመተ ምሕረት» ብትል አዋጁን ስምንት ዓመት ታዘገየዋለች፤ ፈታኙም ጥያቄውን ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ በአፏ የምትለው ዓመት ከነአቆጣጠሩ ይጻፍ፤ በስላይዱ ላይ ለምን ሌላ ቁጥር እንደሚታይም በአንድ ሐረግ ትናገር።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ይጠብቃል» የሚለው ቃል «ብ» ጠብቆ ሲነበብ ዘብ የሚቆመውን ሰው ይናገራል፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ የሚከርረውን ገመድ። የተረጋጋ አንባቢ ከአገባቡ ይለየዋል። የፈራ ሰው ግን ቃል በቃል ስለሚያነብ አገባቡ ላይ ከመድረሱ በፊት ቃሉ ከአፉ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቃል በማስታወሻው ውስጥ ካለ ከሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ይደረግ፤ ወይም ቃሉ ይለወጥ። «ሕዝቡ ጓሳውን ይጠብቃል» ከማለት «ሕዝቡ ለጓሳው ዘብ ይቆማል» ማለት ይቀላል።

ማስታወሻው መሥራቱን እንዴት እናውቃለን? በልምምድ ጊዜ አንድ ጓደኛ ከመካከል ያቋርጣት፤ «ይቅርታ፣ ቤት ክዳን ያልሽው ምኑን ነው?» ይበላት። መልሳ ካቆመችበት ከቀጠለች ማስታወሻው ደኅና ነው። ወደ አንቀጹ መጀመሪያ ከተመለሰች ግን በቃል የተጠና ጽሑፍ ሆኗል፤ እንደገና ይቀነስ። ጊዜውም በሰዓት እንጂ በገጽ ብዛት አይለካ። ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገረው፤ ከተፈቀደላት ጊዜ ካለፈ ፍጥነቷን ሳይሆን ቁልፍ ቃሉን ትቀንስ።

ስለ መሣሪያውም አንድ ነገር ልጨምር። በፓወርፖይንት ማስታወሻው የሚጻፈው ከስላይዱ ሥር በ Notes ቦታ ነው፤ በ Presenter View ደግሞ ለተናጋሪዋ ብቻ ይታያል። በዩኒኮድ ባልሆነ በቆየ የግዕዝ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ ግን እዚያ ሲደርስ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ በሚቀርብበት ኮምፒዩተር ላይም አስቀድሞ ይታይ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ደግሞ ማስታወሻው በትልቅ ፊደል ታትሞ በእጇ ይኑር።

ይህ ሁሉ ፍርሃቱን አያጠፋውም። እጇ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ድምፅዋም በመጀመሪያው ደቂቃ ይሰልል ይሆናል። ነገር ግን «ጓሳ የሣር ስም ነው» ለማለት ብዙ ትንፋሽ አያስፈልግም። ያን ካለች በኋላ የሚቀጥለውን ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት የኖረችበት ነውና።