ከላም በላይ ወይስ ከላም በታች?

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ቁርኣን የሚቀራ ልጅ አል-ማኢዳ ምዕራፍ ስድስተኛው አንቀጽ ሲደርስ «ወአርጁለኩም» ብሎ ያነባል፤ «እግሮቻችሁንም» ማለት ነው። መተማን ተሻግሮ ሱዳን ውስጥ በአቡ ዐምር ንባብ የሚቀራ ሰው ግን ያንኑ ቃል «ወአርጁሊኩም» ይለዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ልዩነቱ ላም በምትባለው ፊደል ላይ ነው (የምትታለበዋ አይደለችም)። የእኛ ፊደል አናባቢውን ከራሱ ጋር ይዞ ይዞራል፤ «ለ» እና «ሊ» መልካቸው ይለያል። የዐረብኛው ተነባቢ ግን አጭር አናባቢውን የሚያገኘው ሐረካ ከሚባሉት ምልክቶች ነው። ጭረቷ ከላይ ከዋለች ፈትሓ ናት፤ ከታች ከዋለች ከስራ። የቀደሙት የቁርኣን ጽሑፎች እነዚህ ጭረቶች ስላልነበሯቸው ያው አጻጻፍ ሁለቱንም ንባብ ይቀበላል።

አንቀጹ የዉዱእን ሥርዐት ይናገራል። ፊትና እጅ ይታጠባሉ፣ ራስ ይታበሳል፣ ከዚያ እግር ይከተላል። ከ«ራሶቻችሁ» ፊት «ቢ» የምትባል መስተዋድድ ስላለች ቃሉ በከስራ ይነበባል። እግርም ከስራ ከያዘ ከራስ ጋር ይሰለፋል፤ ላይ ላዩን ሲታይ ይታበሳል ማለት ነው። ፈትሓ ከያዘ ግን ራስን ዘሎ ከፊትና ከእጅ ጋር የ«እጠቡ» ተሳቢ ይሆናል። ግሡ ርቆ ስለቀረ ነው የአማርኛው ትርጉም እግር ዘንድ «እጠቡ»ን በቅንፍ የጨመረው።

ከሰባቱ የታወቁ አንባቢዎች ናፊዕ፣ ኢብን ዓሚርና ኪሳኢ በፈትሓ፣ ኢብን ከሲር፣ አቡ ዐምርና ሐምዛ በከስራ አነበቡ። የዓሲም ሁለት ደቀ መዛሙርት ደግሞ ተለያዩ፤ ሐፍስ ፈትሓን፣ ሹዕባ ከስራን ያዙ። ዛሬ በብዛት የሚታተመው የሐፍስ ነው።

ታዲያ በከስራ የሚያነብ እግሩን አያጥብም? ያጥባል። አንዳንድ የሱኒ ሊቃውንት ከስራው የቆዳ ካልሲ በተጫማ እግር ላይ ማበስን ያመለክታል ይላሉ፤ ሌሎቹም ቃሉ የጎረቤቱን ድምፅ ተከትሎ ነው ብለው ይፈቱታል። ሺዓዎች በፈትሓ እያነበቡም እግርን ያብሳሉ። እንግዲህ ጭረቷ ብቻዋን ክርክሩን አትዘጋም።

ይህ ማለት ግን ጭረቷን እንደ ልብ ማዘዋወር ይቻላል ማለት አይደለም። በተውባ ምዕራፍ ሦስተኛው አንቀጽ አላህ ከአጋሪዎች የጠራ ነው፣ መልክተኛውም እንዲሁ፣ የሚል አለ። «ረሱሉሁ» የሚለውን «ረሱሊሂ» ያለ ሰው አላህ ከመልክተኛውም የጠራ ነው እንዳለ ይቆጠራል። አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ የዐረብኛን ሰዋስው መጻፍ የጀመረው ይህን ስሕተት ሰምቶ ነው ይባላል። የእግሩ ንባብ ግን ከመምህር መምህር የተላለፈ ሰንሰለት፣ ከጥንቱ አጻጻፍ ጋር ስምምነትና የሰዋስው ድጋፍ አለው።

ስለዚህ ከሱዳን የመጣ እንግዳ «ሊ» ሲል ብትሰሙ ለማረም አትቸኩሉ። መጀመሪያ በማን ንባብ እንደሚቀራ ጠይቁት።